ኔትወርክ ሳይጠብቅ የሚመዘግብ አፕ

ኦፍላይን-ፈርስት በሚባለው አሠራር የተገነባ የሞባይል አፕ ማንኛውንም መረጃ መጀመሪያ የሚጽፈው ስልኩ ውስጥ ባለ ዳታቤዝ ላይ ነው። ኔትወርክ ኖረም አልኖረም፣ ተጠቃሚው «አስቀምጥ» የሚለውን ሲነካ መዝገቡ ስልኩ ላይ ይሰፍራል፤ የእሱ ሥራም እዚያው ያበቃል። መዝገቡን ወደ ሰርቨር መላክ፣ ሌሎች የመዘገቡትንም ከሰርቨር ማምጣት ሲንክ የሚባል ራሱን የቻለ ሥራ ሲሆን ኔትወርክ በተገኘ ሰዓት ከጀርባ ይካሄዳል። የተለመደው አፕ ግን ቁልፍ በተነካ ቁጥር ሰርቨሩን ይጠይቃል። መልስ እስኪመጣ ተጠቃሚው ይጠብቃል፤ መልሱ ከቀረ ደግሞ የሞላው ቅጽ ብዙ ጊዜ ከንቱ ይሆናል።

በኢትዮጵያ ገጠር ይህ ልዩነት ጎልቶ ከሚታይባቸው ሥራዎች አንዱ የጤና ኤክስቴንሽን ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው ፕሮግራም በየቀበሌው ጤና ኬላ የተመደቡ ባለሙያዎችን ቤት ለቤት ያሰማራል፤ የየቤተሰቡ መረጃም ለረጅም ጊዜ በወረቀት የቤተሰብ ማህደር ሲያዝ ቆይቷል። ጤና ሚኒስቴር ይህን ማህደር ወደ ታብሌት ለማምጣት የዘረጋው የኤሌክትሮኒክ ማህበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት የተሠራው ኮምኬር በተባለ ሶፍትዌር ላይ ነው፤ ኮምኬርም ቅጽን ያለ ኢንተርኔት አስሞልቶ በኋላ መላክ ይችላል። ከዚህ ቀጥሎ የሚቀርበው ምሳሌ የዚያ ሥርዓት መግለጫ አይደለም። እንዲህ ላለ ቦታ አንድ አነስተኛ የክትባት መመዝገቢያ አፕ ከባዶ ቢገነባ ውስጡ ምን መምሰል እንዳለበት የሚያሳይ ነው።

በምሳሌው ጤና ኬላ ሁለት ባለሙያዎች አሉ፤ ሁለቱም የአንድሮይድ ስልክ ይዘዋል። ታህሳስ 15 ቀን 2017 ዓ.ም. አንደኛዋ ራቅ ወዳለ ጎጥ ሄዳ ለአንድ የ6 ሳምንት ሕፃን የመጀመሪያውን የፔንታ ክትባት ትሰጣለች። ጎጡ ውስጥ ኔትወርክ የለም። ወደ ጤና ኬላው ስትመለስ ደግሞ ሲግናሉ ብቅ ጥልቅ ይላል። ያ አንድ መዝገብ ሳይጠፋም ሳይደገምም ሰርቨሩ ላይ መድረስ አለበት። ከጠፋ ሕፃኑ እንዳልተከተበ ይቆጠራል። ከተደገመ ደግሞ በ10 ሳምንቱ የሚሰጠውን ሁለተኛ ዙር የወሰደ መስሎ ሊታይ፣ ያ ዙርም ሊዘለል ይችላል።

ኔትወርክ ጨርሶ የሌለበት ሰዓት ለአፕ ሠሪው ቀላሉ ክፍል ነው፤ መዝገቡ ስልኩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። አደጋው ያለው ኔትወርኩ በግማሽ በሚሠራበት፣ ማለትም መልእክቱ ደርሶ መልሱ በሚጠፋበት ሰዓት ነው። ጥሩ የሲንክ አሠራር የሚለየው ይህችን ሰዓት በሚይዝበት መንገድ ነው።

መዝገቡ ስልኩ ላይ

አንድሮይድም ሆነ አይፎን ኤስኪውላይት የተባለ ዳታቤዝ አብሯቸው ይመጣል። አሜሪካዊው ሪቻርድ ሂፕ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ይህ ዳታቤዝ ሙሉ በሙሉ በአንድ ፋይል ውስጥ ስለሚቀመጥ ለብቻው የሚሠራ ሰርቨር አያስፈልገውም። ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ትልቁ ችሎታው ትራንዛክሽን ነው፤ በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ የታሰሩ ጽሑፎች ወይ ሁሉም ይጻፋሉ፣ ወይ አንዳቸውም አይጻፉም። በመሃል ባትሪ ቢያልቅ እንኳ ግማሽ መዝገብ አይቀርም።

ባለሙያዋ ክትባቱን ስትመዘግብ አፑ በአንድ ትራንዛክሽን ሁለት ነገር ይጽፋል። አንደኛው ክትባቱ ራሱ ነው። ሁለተኛው «ይህ መዝገብ ገና አልተላከም» የሚል ተራ ሲሆን፣ የሚጻፈው የሚላኩ ነገሮች ወረፋ በሚይዙበት ሠንጠረዥ ውስጥ ነው፤ በኮድ ውስጥ ይህ ሠንጠረዥ ብዙ ጊዜ `outbox` ይባላል።

```sql
BEGIN;
INSERT INTO doses (id, child_id, vaccine, given_on)
VALUES (?, ?, 'PENTA1', '2024-12-24');
INSERT INTO outbox (op_id, table_name, row_id)
VALUES (?, 'doses', ?);
COMMIT;
```

ሁለቱ በአንድ መታሰራቸው ተራ ጥንቃቄ ቢመስልም ብዙ አፖች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ክትባቱ ተጽፎ ወረፋው ሳይጻፍ አፑ ቢዘጋ፣ መዝገቡ ስልኩ ላይ ለዘላለም ይኖራል፤ ወደ ሰርቨር ግን መቼም አይሄድም። ባለሙያዋ ስልኳ ላይ ስለምታየው እንደተላከ ታምናለች፤ የወረዳው ሪፖርት ላይ ግን የለም። ይህን ስህተት ኋላ ላይ ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነው።

በኮዱ ውስጥ ቀኑ `2024-12-24` ተብሎ ተጽፏል፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ታህሳስ 15 ቀን 2017 መሆኑ ነው። ማሳያው በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ማከማቻው በአውሮፓ አቆጣጠር ሆኖ ልወጣው በአንድ ቦታ ብቻ ቢሠራ ይሻላል። ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት መስከረም 1 የሚውለው ሴፕቴምበር 12 ላይ ስለሆነ፣ በግምት የተጻፈ ልወጣ ለወራት በአንድ ቀን ይስታል፤ በሁለት የፔንታ ዙሮች መካከል ቢያንስ 4 ሳምንት መኖሩን ለሚያጣራ አፕ ደግሞ አንድ ቀን ለውጥ ያመጣል። ቀኑ ሰዓት ሳይኖረው በቀንነቱ ብቻ መቀመጡም ምክንያት አለው። ከሰዓት ጋር ተጽፎ ወደ ዓለም አቀፉ ሰዓት ቢቀየር፣ የኢትዮጵያ ሰዓት ከዚያ በ3 ስለሚቀድም፣ የታህሳስ 15 እኩለ ሌሊት ወደ ታህሳስ 14 ይንሸራተታል።

የእያንዳንዱ መዝገብ መለያ ቁጥርስ ከየት ይመጣል? በተለመደው አሠራር ሰርቨሩ 1፣ 2፣ 3 እያለ ይሰጣል። ጎጡ ውስጥ ግን የሚጠየቅ ሰርቨር የለም። ሁለቱ ስልኮች እያንዳንዳቸው ከ1 ቢጀምሩ ደግሞ ሁለት የተለያዩ ሕፃናት አንድ ቁጥር ይይዛሉ። ስለዚህ ስልኩ ራሱ ዩዩአይዲ የሚባለውን ረጅም ዘፈቀዳዊ መለያ ያወጣል። በብዛት የሚሠራበት ዓይነት 122 ዘፈቀዳዊ ቢቶች አሉት፤ ሊኖሩ የሚችሉት መለያዎች ከ5 ቀጥሎ 36 ዜሮ የተደረደሩበት ቁጥር ያህል ስለሆኑ፣ ሁለት ስልኮች በአጋጣሚ አንድ ዓይነት ያወጣሉ ብሎ መስጋት አያስፈልግም። የዚህ መለያ ጥቅም ግን መዝገቦችን ከመለየት ያልፋል፤ መላኪያው ላይ ዋናውን ሥራ የሚሠራውም እሱ ነው።

መልሱ የጠፋበት ሰዓት

ባለሙያዋ ከጎጡ ስትመለስ ስልኳ ሲግናል ያገኛል። አፑ ከወረፋው የመጀመሪያውን አንስቶ ይልካል። ሰርቨሩ ይቀበላል፣ ዳታቤዙ ላይ ይጽፋል፣ «ደርሶኛል» የሚል መልስ ይመልሳል። መልሱ በመንገድ ላይ እያለ ሲግናሉ ይጠፋል። ከስልኩ በኩል ሲታይ የተላከው ነገር ምላሽ አላገኘም። መልእክቱ ሲሄድ ይጥፋ ወይስ መልሱ ሲመጣ ይጥፋ፣ ስልኩ የሚያውቅበት ምንም መንገድ የለውም። ይህ የፕሮግራመር ስንፍና ያመጣው ነገር አይደለም፤ መልእክት ሊጠፋ በሚችልበት በማንኛውም መገናኛ ላይ ያለ ነው።

ስልኩ ሁለት ምርጫ አለው። ደርሷል ብሎ ከወረፋው ቢያወጣው፣ ሳይደርስ ቀርቶ ከሆነ መዝገቡ ጠፋ። አልደረሰም ብሎ እንደገና ቢልከው፣ ደርሶ ከሆነ መዝገቡ ተደገመ። የጠፋን መዝገብ ማንም ሊያገኘው አይችልም፤ የተደገመን ግን ሰርቨሩ ሊለየው ይችላል። ስለዚህ ስልኩ ግልጽ ማረጋገጫ እስኪያገኝ ድረስ ደጋግሞ ይልካል፣ የመደጋገሙን ጉዳት የማስቀረት ኃላፊነት ደግሞ የሰርቨሩ ይሆናል። ሰርቨሩ ይህን የሚያደርገው ስልኩ ባወጣው መለያ ነው።

```sql
INSERT INTO doses (id, child_id, vaccine, given_on)
VALUES ($1, $2, $3, $4)
ON CONFLICT (id) DO NOTHING;
```

የመጨረሻዋ መስመር «ይህ መለያ ያለው መዝገብ ቀድሞ ካለ ምንም አታድርግ» ትላለች። መዝገቡ አንዴም ይላክ አሥር ጊዜ፣ ሰርቨሩ ላይ የሚኖረው አንድ ብቻ ነው። ለተደጋገመው መልእክትም ሰርቨሩ ስህተት አለ ሳይል እንደ መጀመሪያው ሁሉ «ደርሶኛል» ብሎ መመለስ ይኖርበታል፤ አለዚያ ስልኩ ደርሶ ያለቀን ነገር እስከ መጨረሻው ሲልክ ይኖራል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው መለያው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ባለሙያዋ ቅጹን ባስቀመጠችበት ቅጽበት የወጣ ከሆነ ነው። መለያውን በላኩ ቁጥር አዲስ የሚያወጣ አፕ ሁሉንም ነገር ያሟላ ይመስላል፤ ሰርቨሩ ግን እያንዳንዱን ድጋሚ መልእክት አዲስ ክትባት አድርጎ ይመዘግባል። ምልክቱ ግልጽ ነው። ሰርቨሩ ላይ አንድ ሕፃን፣ አንድ የክትባት ዓይነት፣ አንድ ቀን፣ ነገር ግን የተለያየ መለያ ያላቸው ተራዎች ይገኛሉ፤ ብዛታቸውም ሲግናል ደካማ በሆነባቸው ቀበሌዎች ይበዛል።

በመደጋገሙ ላይ አንድ ልክ ያስፈልጋል። ስልኩ በየሰከንዱ ቢሞክር ባትሪውን ይጨርሳል። አንድሮይድ ላይ ይህን ሥራ የሚያስተዳድረው ወርክማኔጀር፣ ካልተቀየረ በቀር፣ ከከሸፈው ሙከራ በኋላ 30 ሰከንድ ይቆያል፤ ቆይታውን በየክሽፈቱ እጥፍ እያደረገ እስከ 5 ሰዓት ያደርሰዋል። መሀሉ ላይ ትንሽ ዘፈቀዳዊ ጊዜ መጨመር ይመከራል፤ ለአንድ ቀን ጠፍቶ የነበረ ኔትወርክ ሲመለስ የአካባቢው ስልኮች ሁሉ በአንድ ቅጽበት ሰርቨሩን እንዳያጨናንቁት ነው።

ድምሩን ሳይሆን ድርጊቱን መመዝገብ

አፑ የክትባት ክምችትንም ይይዛል እንበል። ጠዋት ጤና ኬላው ውስጥ 20 ዶዝ ፔንታ አለ፤ ሁለቱም ስልኮች 20 ብለው ያሳያሉ። አንደኛዋ ባለሙያ ጎጡ ላይ 3 ዶዝ ትሰጣለች፤ ስልኳ «ቀሪ 17» ብሎ ያስቀምጣል። ሁለተኛዋ ጤና ኬላው ውስጥ 5 ትሰጣለች፤ የእሷ ስልክ «ቀሪ 15» ይላል። ማታ ሁለቱም ሲልኩ ሰርቨሩ በኋላ የመጣውን ቢይዝ ክምችቱ 15 ወይም 17 ይሆናል። ትክክለኛው ግን 12 ነው። ከሁለቱ የትኛውም ቢመረጥ ስህተት ነው፤ የተሻለ የመምረጫ ሕግ ቢፈለግም አይገኝም።

ጥፋቱ ያለው በተላከው ነገር ላይ ነው። ስልኮቹ የላኩት ውጤቱን ነው፤ ውጤቱን ያመጣውን ድርጊት አይደለም። አንደኛው ስልክ «3 ወጪ»፣ ሁለተኛው «5 ወጪ» ብለው፣ እያንዳንዱን ከራሱ መለያ ጋር ቢልኩ፣ በየትኛውም ቅደም ተከተል ቢደርሱ ድምሩ 12 ይሆናል። የሂሳብ ባለሙያዎች ገቢና ወጪን በየሰነዱ መዝግበው ቀሪውን ከዚያ የሚያወጡት በዚሁ ምክንያት ነው። ለኦፍላይን አፕ ከዚህ የበለጠ ዋጋ ያለው የአሠራር ውሳኔ ጥቂት ነው፤ በድርጊት መልክ ሊመዘገብ የሚችል ነገር ሁሉ በድርጊት መልክ ከተመዘገበ፣ አብዛኛው ግጭት ገና ሳይፈጠር ይቀራል። ክትባት መስጠት፣ ክብደት መለካት፣ ቤት መጎብኘት ሁሉም እንዲህ ያሉ ድርጊቶች ናቸው። አንዴ ከተፈጸሙ አይለወጡም፤ የተሳሳተ ምዝገባ ቢኖር እንኳ «ያ መዝገብ ተሰርዟል» በሚል ሌላ ድርጊት ይታረማል።

ሁለት ሰው አንድ መዝገብ ሲነካ

የሚለወጥ መረጃ ግን መኖሩ አይቀርም። የእናትየው ስልክ ቁጥር፣ የምትኖርበት ጎጥ፣ የሕፃኑ ስም የዚህ ዓይነት ናቸው። ሁለቱ ባለሙያዎች በየስልካቸው የአንዲትን እናት ቁጥር ቢያስተካክሉ የትኛው ይያዝ? ብዙ አፕ ሠሪዎች የሚያነሱት ቀላል ሕግ «በኋላ የተጻፈው ያሸንፋል» የሚለው ነው። «በኋላ» የሚለው የሚወሰነው ደግሞ በስልኩ ሰዓት ነው።

በኢትዮጵያ ይህ ሕግ ለየት ያለ ወጥመድ አለው። የአገሩ ሰዓት አቆጣጠር ከስልኩ በ6 ሰዓት ስለሚለይ፣ ስልካቸውን በእጅ አስተካክለው ጠዋት 1 ሰዓት ሲሆን 1:00 እንዲል የሚያደርጉ ሰዎች አሉ። አንደኛዋ ባለሙያ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ የእናትየውን ቁጥር ታስተካክላለች፤ የእሷ ስልክ 10:00 ይላል። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ እናትየው ጤና ኬላ መጥታ ቁጥሯን እንደቀየረች ትናገራለች፤ ሁለተኛዋም አዲሱን ትጽፋለች። የእሷ ስልክ ግን በኢትዮጵያ ሰዓት ስለተሞላ 08:00 ነው የሚለው። ሰርቨሩ 10:00ን ከ08:00 ጋር አወዳድሮ የቀድሞውን ቁጥር ይይዛል፤ እናትየው ራሷ የነገረችው አዲሱ ቁጥር ይጣላል። ማንም ስህተት አልሠራም፤ ምንም የስህተት መልእክትም አልታየም።

መፍትሔው የሰዓቱን ውድድር መተው ነው። ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ መዝገብ የስሪት ቁጥር ይይዛል። ስልኩ ለውጥ ሲልክ «ከስሪት 7 ተነስቼ ነው የለወጥሁት» ይላል። ሰርቨሩ ላይ ያለውም 7 ከሆነ ለውጡ ይገባል፣ ስሪቱም 8 ይሆናል። ሰርቨሩ ላይ ቀድሞ 8 ሆኖ ከተገኘ ግን በመሃል ሌላ ሰው ነክቶታል ማለት ነው፤ ግጭት ተፈጥሯል፣ ግጭት መሆኑም ታወቀ። የስልኩ ሰዓት ለመረጃ ያህል ይቀመጣል፤ ዳኛ ግን አይሆንም።

ከታወቁት ግጭቶች አብዛኞቹ በቀላሉ ይፈታሉ። አንደኛዋ ስልክ ቁጥሩን፣ ሌላዋ ጎጡን ለውጠው ከሆነ ሁለቱም ለውጦች አብረው ሊገቡ ይችላሉ፤ ለዚህ ስልኩ መላክ ያለበት የተነኩትን ቦታዎች ብቻ እንጂ ሙሉውን ቅጽ አይደለም። ሁለቱም አንዱኑ ቦታ በተለያየ ነገር ከለወጡት ሁለቱም ዋጋዎች ተይዘው ለሰው ይቀርባሉ። እዚህ ላይ ማሽኑ ራሱ እንዲመርጥ ማድረግ ያጓጓል፤ ነገር ግን በጤና መዝገብ ላይ የተጣለ መረጃ ምን እንደነበር ማንም አያውቅም፤ የተያዘ ግጭት ግን «ከሁለቱ የትኛው ነው?» ተብሎ በአንድ ጥያቄ ያልቃል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በስፋት የተጠኑ፣ ያለ ዳኛ ራሳቸውን የሚያስታርቁ የመረጃ ዓይነቶችም አሉ። ብዙ ሰው አንድ ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ለሚያርምበት አፕ ትልቅ ጥቅም አላቸው፤ ለቅጽ መሙያ አፕ ግን የስሪት ቁጥር ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

ከሰርቨር ወደ ስልክ

በሌላው አቅጣጫ ስልኩ የሌላኛዋን ባለሙያ ምዝገባ ማግኘት አለበት። ሁሉንም መረጃ በየጊዜው እንደገና ማውረድ በደካማ ኔትወርክ አይታሰብም። ስለዚህ ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ለውጥ እየጨመረ የሚሄድ ተራ ቁጥር ይሰጣል፤ ስልኩም «እስከ 4512 ደርሶኛል» ብሎ የቀረውን ብቻ ይጠይቃል። የመጡት መዝገቦችና አዲሱ ተራ ቁጥር ስልኩ ላይ በአንድ ትራንዛክሽን ይጻፋሉ። ቁጥሩ ቀድሞ ተጽፎ መዝገቦቹ ሳይጻፉ አፑ ቢዘጋ፣ እነዚያ መዝገቦች ለዚያ ስልክ ተመልሰው አይመጡም።

ልምድ ያላቸውን ሰዎች ሳይቀር የሚያስት አንድ ጉድጓድ አለ። ሰርቨሩ ላይ ሁለት ለውጦች በአንድ ጊዜ ሲጻፉ አንዱ 4520ን፣ ሌላው 4521ን ይወስዳል፤ 4521 ግን ቀድሞ ሊያልቅ ይችላል። በዚያች ቅጽበት የጠየቀ ስልክ 4521ን ተቀብሎ ያልፋል፤ 4520 ከሰከንድ በኋላ ሲያልቅ ስልኩ «እስከ 4521 ደርሶኛል» ስለሚል አያገኘውም። ወይ ሰርቨሩ ቁጥሮቹን አንዱ ሳያልቅ ሌላው እንዳይጀምር አድርጎ ይሰጣል፣ ወይ ስልኩ በየጊዜው ትንሽ ወደኋላ ተመልሶ ይጠይቃል። መደጋገም በመለያው ምክንያት ጉዳት ስለሌለው ሁለተኛው ርካሽ ነው።

መሰረዝም ራሱን የቻለ ችግር ነው። ከሰርቨሩ ላይ ተራው ጠፍቶ ቢቀር ስልኩ መሰረዙን የሚያውቅበት ምልክት አያገኝም፤ ይባስ ብሎ ያረጀውን ቅጂ መልሶ ልኮ የተሰረዘውን ሊያስነሳው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2007 አማዞን ዳይናሞ ስለተባለው የመረጃ ማከማቻው ያሳተመው ጥናት ከግዢ ጋሪ የተሰረዘ ዕቃ ተመልሶ ሊታይ እንደሚችል በግልጽ አስፍሯል፤ ምንጩ ተመሳሳይ ነው። ስለዚህ መዝገቡ አይጠፋም፤ «ተሰርዟል» የሚል ምልክት ብቻ ይደረግበታል፣ ምልክቱም እንደማንኛውም ለውጥ ተራ ቁጥር ይዞ ለስልኮቹ ይደርሳል። ምልክቶቹ ለምሳሌ ከ6 ወር በኋላ የሚጸዱ ከሆነ፣ ከዚያ በላይ ጠፍቶ የቆየ ስልክ መጀመሪያ ወረፋውን ልኮ ከዚያ መረጃውን ከባዶ ማውረድ አለበት። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ያልተላከው ሥራ ይደመሰሳል።

የተዘጋ ወረፋ

ወረፋ ላይ ያለ አንድ መዝገብ ሰርቨሩ ባይቀበለውስ? የክትባቱ ቀን ከልደቱ ቀን ቀድሞ ተጽፏል እንበል። ሰርቨሩ «ልክ አይደለም» ይላል፤ ስልኩ ደግሞ እንደማይደርስ መልእክት ቆጥሮ ደግሞ ይልካል፤ ከኋላው ያሉት አርባ መዝገቦች ወር ሙሉ ይቆማሉ። አፑ ሁለት ዓይነት አለመሳካትን መለየት አለበት። መልስ አለመምጣት ወይም በ500ዎቹ የሚጀምር የሰርቨር ስህተት ቆይቶ ይሞከራል። በ400ዎቹ ካሉት ብዙዎቹ ግን ሺህ ጊዜ ቢላኩም አይለወጡም፤ እንዲህ ያለው መዝገብ ሳይጠፋ ከወረፋው ወደ ጎን ይወጣና ለባለሙያዋ ይታያል። የሕፃኑ ምዝገባ ራሱ ከቆመ ግን የእሱ ክትባቶች አብረው ይቆያሉ፤ ሰርቨሩ የማያውቀው ሕፃን ክትባት ሊቀበል አይችልምና። የ401 መልስ ለብቻው የሚታይ ነው። የመግቢያ ፈቃዱ ጊዜው አልፏል ማለት ስለሆነ፣ ባለሙያዋ እንደገና ስትገባ ወረፋው ይቀጥላል። ፈቃዱ ሲያልቅ ተጠቃሚውን አስወጥቶ የስልኩን ዳታቤዝ የሚያጸዳ አፕ ያልተላከውን ሁሉ አብሮ ያጸዳል።

ከዚህም በላይ ሰርቨሩ ስለ ራሱ ሚና ትክክለኛ ግምት ሊኖረው ይገባል። ባለሙያዋ መርፌውን ሰጥታለች። ሰርቨሩ መዝገቡን ባይቀበል ክትባቱ አልተሰጠም ማለት አይደለም። ስለዚህ በሦስተኛው ሳምንት የተሰጠ ሁለተኛ ዙር ቢደርሰው ተቀብሎ፣ «ጊዜው ሳይደርስ የተሰጠ» ብሎ ምልክት አድርጎበት ለሚመለከተው ማሳየት ይሻለዋል። ጥብቅ ማጣሪያ መቀመጥ ያለበት ስልኩ ላይ፣ ቅጹ በሚሞላበት ሰዓት ነው፤ እዚያ ላይ ስህተቱን የምታርመው ሰው አለች።

ፎቶ ካለ ከመዝገቡ ተለይቶ በራሱ ወረፋ ይላክ። አንድ የክትባት መዝገብ ከ1 ኪሎባይት ባይበልጥ፣ 2 ሜጋባይት የሆነ የክትባት ካርድ ፎቶ የ2000 መዝገቦችን ቦታ ይይዛል፤ አብረው ከተላኩ ፎቶው ባለፈ ቁጥር ክትባቱም ይዘገያል።

የሚታይ ነገርና ፍተሻ

ስክሪኑ ላይ ሁለት ነገር በግልጽ መለየት አለበት፤ «ስልኩ ላይ ተቀምጧል» እና «ተልኳል»። ሁለቱን በአንድ አረንጓዴ ምልክት የሚያሳይ አፕ ባለሙያዋን ያሳስታል። ያልተላኩት ብዛትና የመጨረሻው ሲንክ የተሳካበት ቀን ሁልጊዜ ቢታዩ፣ ስልኩን ለጥገና ከመስጠቷ ወይም አፑን አጥፍታ እንደገና ከመጫኗ በፊት ማየት ትችላለች። አፑ ሲጠፋ ዳታቤዙም አብሮ ይጠፋልና ይህ ቁጥር ዜሮ መሆኑ ወሳኝ ነው። በሰርቨሩ በኩል ደግሞ ከሳምንት በላይ ድምፁ ያልተሰማ ስልክ ዝርዝር ያስፈልጋል።

ፍተሻው ብዙ ጊዜ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጎ በመሞከር ይቆማል። ያ የሚፈትነው ቀላሉን ክፍል ብቻ ነው። ሰርቨሩ መዝገቡን ጽፎ መልሱን ሆን ብሎ እንዲያስቀር ተደርጎ መታየት አለበት። ሲንክ እየሄደ ሳለ አፑ በኃይል ይዘጋ፤ የስልኩ ሰዓት 6 ሰዓት ወደኋላ ይመለስ፤ ማከማቻው ይሙላ። ከዚህ ሁሉ በኋላ በስልኮቹ ላይ የተፈጠሩት መለያዎች ዝርዝር ሰርቨሩ ላይ ካለው ዝርዝር ጋር አንድ ለአንድ መግጠም አለበት። ብዛቱን ብቻ ማወዳደር አይበቃም፤ አንድ ጠፍቶ ሌላው ቢደገም ቁጥሩ ይገጥማል።

ይህ አሠራር የማይደርስባቸው ቦታዎች አሉ። የሁሉንም ስምምነት በዚያው ቅጽበት የሚጠይቅ ነገር ኦፍላይን አይሠራም፤ ወረዳው ያለውን የመጨረሻ ካርቶን ክትባት ለሁለት ጤና ኬላ ቃል እንዳይገባ ማድረግ ወይም ከአንድ ሒሳብ ላይ ገንዘብ መክፈል ግንኙነት ይፈልጋል። ሌላው ወሰን የስልኩ መጥፋት ነው። ዳታቤዙ ከተመሰጠረ ስልኩን ያገኘ ሰው አያነበውም፤ ያልተላከው መዝገብ ግን ከስልኩ ጋር ይሄዳል። ጊዜውን ማሳጠር ይቻላል። ሁለቱ ባለሙያዎች ማታ ጤና ኬላው ውስጥ ሲገናኙ ስልኮቻቸው ያለ ኢንተርኔት፣ በብሉቱዝ ወይም በዋይፋይ ቀጥታ ወረፋቸውን ቢለዋወጡ፣ ሲግናል ቀድሞ ያገኘው ስልክ የሁለቱንም ይልካል፤ ሌላው ቆይቶ ያንኑ ቢልክ ሰርቨሩ መለያውን አይቶ ያልፈዋል።